ከሳሹ ወይስ ተከሳሹ? ቋንቋዎች ምልክቱን ማን ላይ ይለጥፋሉ

«ዳዊት ሀብታሙን ከሰሰው።» ይህን ያነበበ ሰው ማን ክስ እንደመሠረተ፣ መጥሪያው ለማን እንደሚደርስ ለአፍታ እንኳ አይጠራጠርም። ገልብጣችሁ «ሀብታሙን ዳዊት ከሰሰው» ብትሉም ከሳሹ ያው ዳዊት ነው፤ የተለወጠ ነገር የለም። አሁን ግን አንዲት ፊደል ብቻ ከአንዱ ስም አንሱና ሌላው ላይ ለጥፉ፦ «ሀብታሙ ዳዊትን ከሰሰው።» ከሳሽ የነበረው ተከሳሽ ሆነ።

ፊደሏን ጭራሽ ብትተዋትስ? ቻት ላይ በጥድፊያ ሲጻፍ የሚያጋጥም ነገር ነው። «ዳዊት ሀብታሙ ከሰሰው» የሚለውን አንብቡት። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጠረ፤ እኛ ስምን ከአባት ስም ጋር ስለምንጠራ፣ ዓረፍተ ነገሩ «ዳዊት ሀብታሙ የሚባል ሰው አንድ ሌላ ሰው ከሰሰ» ማለት ሆነ። ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ሆኑ፣ ያልተጠራ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ተከሳሽ ሆኖ ገባ። ግሱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው»ም አታድነንም፤ ተከሳሹ ወንድ መሆኑን ብቻ ነው የምትነግረን፣ እዚህ ደግሞ ሁለቱም ወንዶች ናቸው።

ይቺን ትንሽ «ን» ትምህርት ቤት «የተሳቢ ምልክት» ብለን ተምረን አልፈናታል። ግን አንድ ጥያቄ ማንም አልጠየቀንም፦ ለምን ተሳቢው ላይ? ሁለት ሰዎች ባሉበት ዓረፍተ ነገር አንዱ ላይ ምልክት ካረፈ ሌላው በራሱ ይታወቃል። ታዲያ ምልክቱ ለምን ከሳሹ ላይ አልሆነም? በዓለም ላይ ከሳሹ ላይ የሚለጥፉ ብዙ ቋንቋዎች አሉ። የቋንቋ ባለሙያዎች የእኛን መንገድ አኩዛቲቭ፣ የእነሱን መንገድ ኤርጋቲቭ ይሉታል።

ሦስት ወንበሮች አሉ፣ ሁለት አይደሉም

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ሰዎቹን በትክክል እንቁጠር። ከሳሽና ተከሳሽ ባሉበት ዓረፍተ ነገር ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱን «አድራጊ»፣ ሌላውን «ተቀባይ» እንበላቸው። ግን ሁሉም ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው አይፈልግም። «ዳዊት መጣ» ስንል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ዳዊት ማንም ላይ ምንም አላደረገም፣ ማንምም እሱ ላይ ምንም አላደረገም። ይህን ሦስተኛ ወንበር «ብቸኛ» እንበለው።

አሁን የእኛን ቋንቋ እንየው። «ዳዊት መጣ» ላይ ብቸኛው ዳዊት ምልክት የለውም። «ዳዊት ሀብታሙን ከሰሰው» ላይ አድራጊው ዳዊትም ምልክት የለውም። ምልክት ያለው ተቀባዩ ሀብታሙ ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛ ብቸኛውንና አድራጊውን በአንድ ዓይን ያያቸዋል፤ ተቀባዩን ለይቶ ያስቀምጠዋል። እኛ ሁለቱንም «ባለቤት» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን እዚህ ላይ ነው የመጣው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለናል እንጂ አንድ ምርጫ ብቻ ነው።

ሌላው ምርጫ ብቸኛውን ከተቀባዩ ጋር ማስቀመጥ፣ አድራጊውን ደግሞ ለይቶ ምልክት ማድረግ ነው። በወጪ ደረጃ ካሰባችሁት ሁለቱም እኩል ርካሽ ናቸው። ብቸኛው ከማንም ጋር ስለማይምታታ ምልክት አያስፈልገውም፤ ሁለት ሰው ያለበት ላይ ደግሞ አንድ ምልክት ይበቃል። የትኛው ላይ ብታደርጉት ሥራው ይሠራል።

በርናርድ ኮምሪ የተባለው የቋንቋ ምሁር ለዓለም የቋንቋዎች አወቃቀር አትላስ 190 ቋንቋዎችን አወዳድሮ፣ ስሞች ላይ የሚደረገውን ምልክት ቆጥሯል። ግማሽ የሚሆኑት፣ 98ቱ፣ ስሞቹ ላይ ምንም ምልክት ሳያደርጉ በቃላት ቅደም ተከተል ወይም በግሱ ይተዳደራሉ። 46ቱ እንደ አማርኛ ተቀባዩ ላይ ይለጥፋሉ። 32ቱ አድራጊው ላይ ብቻ ይለጥፋሉ። ስለዚህ ኤርጋቲቭ መንገድ የአንድ ሩቅ ጎሳ ልዩ ነገር አይደለም፤ የእኛን መንገድ በቅርብ የሚከተል ነው።

ኦሮምኛ፦ የምታሳስተው «ን»

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፤ ወጥመዱ ደግሞ እዚሁ ቤታችን ነው። ኦሮምኛ የሚናገር ሰው እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «የእኛ ቋንቋ እኮ አድራጊው ላይ ነው ምልክት የሚያደርገው፣ ስለዚህ ኤርጋቲቭ ነው» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፣ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

በኦሮምኛ ሰውዬው «ናሚቻ»፣ ልጅ ደግሞ «ሙጫ» ይባላል (ከአማርኛው ሙጫ ጋር ዝምድና የለውም)። «ናሚቺ ሙጫ አርጌ» ማለት ሰውዬው ልጁን አየ ማለት ነው። «ሙጫን ናሚቻ አርጌ» ሲሆን ደግሞ ልጁ ሰውዬውን አየ። አስተውሉ፦ የታየው በመደበኛ ስሙ ሲቀር የተለወጠው ያየው ነው። ናሚቻ «ናሚቺ» ሆነ፣ ሙጫ «ሙጫን» ሆነ። አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው «ሙጫን» የሚለውን ሲሰማ ጆሮው ወዲያው «ተሳቢ» ይለዋል፤ ግን ይቺ «ን» ሥራዋ የእኛዋ ተቃራኒ ነው።

ታዲያ ለምን ኤርጋቲቭ አልሆነም? መልሱ ያለው የተረሳው ሦስተኛ ወንበር ላይ ነው። «ልጁ መጣ» በኦሮምኛ «ሙጫን ዹፌ» ነው። ብቸኛውም ያችኑ «ን» ይዞ መጣ። ስለዚህ ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ብቸኛውንና አድራጊውን አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ ልዩነቱ ምልክቱን የለጠፈው ባለቤቶቹ ላይ፣ ባዶውን የተወው ተቀባዩን መሆኑ ነው። ወጪው ግን ከፍ ይላል፦ «መጣ»ም «ሄደ»ም ባላችሁ ቁጥር፣ ማንም ከማንም ጋር በማይምታታበት ቦታ ሁሉ፣ ምልክት ትከፍላላችሁ። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል በኮምሪ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያሉት 6 ቋንቋዎች ብቻ የሆኑት። ምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የዚህ ዓይነት ቋንቋዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ከዚህ የምንይዘው ይህን ነው፦ አንድ ቋንቋ ኤርጋቲቭ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ አድራጊው ላይ ምልክት አለ ወይ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ብቸኛው ከማን ጋር ነው የቆመው ብላችሁ ጠይቁ።

ጅርባል፦ እናት አባትን አየች

እውነተኛውን ለማየት ወደ አውስትራሊያ እንሂድ። በሰሜን ምሥራቅ ኩዊንስላንድ ባለው የዝናብ ደን አካባቢ የሚነገር ጅርባል የሚባል ቋንቋ አለ። ሮበርት ዲክሰን የተባለ የቋንቋ ምሁር በ1963 ወደዚያ ሄዶ ከአዛውንቶች ማጥናት ጀመረ፤ በ1972 ያሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ጅርባልን በመላው ዓለም የቋንቋ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ አደረገው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለምሳሌ የሚበቁን ጥቂት ቃላት ናቸው። «ያቡ» እናት ነው። «ንጉማ» አባት ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ «አንጋፋ» ስንል ከ«ጋ» በፊት አፍንጫችን ላይ የሚቀረው ድምፅ ነው፣ በፊደላችን ለብቻው ስለሌለ እንዲህ ጽፌዋለሁ። «ባናጋኙ» ተመለሰ ወይም ተመለሰች፣ «ቡራን» አየ ወይም አየች ማለት ነው፤ የጅርባል ግስ ወንድና ሴት አይለይም። ጅርባል ከስሞች ጋር አብረው የሚሄዱ ትንንሽ ቃላትም አሉት፤ ለማቅለል እነሱን ትቻቸዋለሁ።

«ንጉማ ባናጋኙ» አባት ተመለሰ። «ያቡ ባናጋኙ» እናት ተመለሰች። ብቸኛው ባዶውን ነው፣ ምልክት የለውም።

አሁን ሁለት ሰው እናስገባ። «ንጉማ ያቡንጉ ቡራን» እናት አባትን አየች። «ያቡ ንጉማንጉ ቡራን» አባት እናትን አየ። «ንጉ» የምትባለዋ ቅጥያ የተለጠፈችው ያየው ሰው ላይ ነው። የታየው ሰው ግን ልክ እንደተመለሰው ሰው ባዶውን ቀርቷል። አማርኛ ውስጥ «ዳዊት» ሳይለወጥ የሚቀርበት ቦታ ከሳሹ ሲሆን ነው፤ በጅርባል ሳይለወጥ የሚቀረው ተከሳሹ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ፍልስፍና ሊገባ ይችላል፦ «እነዚህ ሰዎች አድራጊው ላይ ምልክት የሚያደርጉት ኃላፊነትን ስለሚያጠብቁ ነው» ወይም «ዓለምን ከተጎጂው ዓይን ስለሚያዩ ነው» ብሎ። ይህ አያስኬድም። ምልክቷ «አየ» ላይም አለች፣ ማየት ደግሞ ማንንም አይጎዳም። በሌላ በኩል እኛ ተቀባዩ ላይ «ን» የምንለጥፈው ለተጎጂ አዝነን አይደለም። ምልክቱ ወንበር ነው የሚያሳየው፣ ፍርድ አይደለም።

ማን ተመለሰ?

እስካሁን ያየነው የቅጥያ ጉዳይ ነው፤ «እሺ፣ ቅጥያዋን ሌላ ቦታ አደረጓት፣ ከዚያስ?» ሊባል ይችላል። ጅርባልን ልዩ የሚያደርገው ግን ዓረፍተ ነገሮች ሲጣመሩ የሚሆነው ነው።

በአማርኛ «ዳዊት ሀብታሙን አየውና ተመለሰ» ልበላችሁ። ማን ነው የተመለሰው? ዳዊት። ማንም አልነገራችሁም፤ «ተመለሰ» ለሀብታሙም ይሆናል፣ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ግን ጆሯችን ሳይጠይቀን የተመለሰውን ሰው ካየው ሰው ጋር አንድ አደረገው። ምክንያቱም በእኛ ቋንቋ ብቸኛውና አድራጊው አንድ ወገን ናቸው፤ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ክፍተቱን የሚሞላው የዚያው ወገን ሰው ነው።

አሁን ያንኑ በጅርባል፦ «ንጉማ ያቡንጉ ቡራን ባናጋኙ።» በቃል በቃል «እናት አባትን አየችና ተመለሰ/ች»። ማን ተመለሰ? ለጅርባል ተናጋሪ መልሱ አንድ ነው፣ ጥርጥርም የለውም፦ አባት። በዚያ ቋንቋ ብቸኛው የሚወግነው ከተቀባዩ ጋር ነው፤ ስለዚህ ተመላሹ የታየው ሰው ነው። ተገልብጦም ይሠራል። «ንጉማ ባናጋኙ ያቡንጉ ቡራን» ማለት አባት ተመለሰ፣ እናትም አየችው ማለት ነው። «አየችው» ለማለት እኛ «ው» እንጨምራለን፤ እነሱ ምንም መጨመር አያስፈልጋቸውም፣ የታየው ሰው አስቀድሞ ከተመለሰው ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው።

«እናት አባትን አየችና እሷው ተመለሰች» ማለት ከፈለጉስ? እዚህ ላይ ሰዋስዋቸው ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ግሱን ይለውጡታል፦ «ያቡ ቡራልንጋኙ ንጉማጉ ባናጋኙ»። ምን እንደሆነ ተመልከቱ። እናት «ንጉ»ዋን አውልቃ ባዶዋን ቆመች። አባት ደግሞ «ጉ» የምትባል፣ ሥራዋ ከእኛ «ለ» ጋር የሚቀራረብ ቅጥያ ተለጠፈበትና ወደ ዳር ወጣ። ግሱም ይህን ለውጥ የሚያሳውቅ «ንጋ» የሚል ክፍል ተጨመረበት። እናት አሁን የብቸኛውን ወንበር ስለያዘች «ተመለሰች» የሚለው ወደ እሷ ይሄዳል። እኛ «ሀብታሙ በዳዊት ተከሰሰ» ብለን ተከሳሹን ወደ ባለቤትነት ወንበር እንደምናመጣው፣ እነሱ አድራጊውን የሚያመጡበት መንገድ ይህ ነው። አቅጣጫው ተቃራኒ፣ ዓላማው አንድ።

«እኔ»ና «አንተ» ሲመጡ ሕጉ ይገለበጣል

እዚህ ላይ ሁሉ ነገር የተስተካከለ ሲመስል ጅርባል አንድ ሌላ ነገር ያመጣል። «እኛ» በጅርባል «ንጋና» ነው፣ «እናንተ» ደግሞ «ኙራ»። «እኛ እናንተን አየን» ለማለት «ንጋና ኙራና ቡራን» ይላሉ። «እናንተ እኛን አያችሁ» ደግሞ «ኙራ ንጋናና ቡራን» ነው። ምልክቷ «ና» ናት፣ ያረፈችውም የታየው ላይ! ማለትም እነዚህ ተውላጠ ስሞች ላይ ጅርባል ልክ እንደ አማርኛ ነው የሚሠራው። («ና» ከእኛ «ን» ጋር መመሳሰሏ አጋጣሚ ነው።)

ሁለቱን ቀላቅሉ። ሰው ወይም ወንድ «ያራ» ይባላል። «ሰውዬው እኛን አየን» ሲሆን «ንጋናና ያራንጉ ቡራን» ይባላል፤ የታየው «ና» አለው፣ ያየውም «ንጉ» አለው፣ ሁለቱም ምልክት ተሸክመዋል። «እኛ ሰውዬውን አየን» ሲሆን ደግሞ «ንጋና ያራ ቡራን» ነው። ማንም ምልክት የለውም! ግን አይምታታም፤ «እኛ» ብንታይ ኖሮ «ና» ይኖረን ነበር፣ ሰውዬው ቢያይ ኖሮ «ንጉ» ይኖረው ነበር። የሌለው ምልክት ራሱ መልስ ሆነ።

ለምን እንዲህ ተከፈለ? ማይክል ሲልቨርስታይን የተባለ ምሁር በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ይህ በዘፈቀደ እንዳልሆነ አሳየ። ሐሳቡን በቀላሉ ላስቀምጠው፦ በንግግር ውስጥ «እኔ»ና «አንተ» ብዙውን ጊዜ አድራጊዎች ናቸው፤ ስለ ራሳችን የምናወራው ያደረግነውን ነው። ስለዚህ «እኛ» አድራጊ ሲሆን የሚያስገርም ነገር ስለሌለ ምልክት አያስፈልግም፤ ተቀባይ ሲሆን ግን ያልተጠበቀ ነገር ስለሆነ ምልክት ይደረግበታል። ድንጋይ፣ ዛፍ፣ እንስሳ ደግሞ በአብዛኛው ተቀባዮች ናቸው፤ እነሱ አድራጊ ሲሆኑ ነው ምልክት የሚያስፈልገው። የተከፈለ ሥርዓት ያላቸው ቋንቋዎች ድንበሩን የተለያየ ቦታ ላይ ያሠምሩታል፣ አቅጣጫው ግን በአብዛኛው ይሄው ነው።

ነጋዴ ያልተጠበቀውን ዕቃ ላይ ብቻ ዋጋ ቢጽፍ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ሳይጽፍ ቢተወው ማለት ነው። ይህ ቁጠባ እኛም ጋ አለ። «መኪና ገዛ» እንላለን፣ «ን» የለም። «መኪናውን ገዛ» ስንል ግን «ን» ግድ ናት። ሁለቱም ላይ የተገዛው መኪና ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው የምናውቀው፣ የተለየ መኪና መሆኑ ነው። የታወቀና የተለየ ነገር ብዙ ጊዜ የባለቤትን ወንበር ስለሚይዝ፣ ተቀባይ ሲሆን ምልክት ያሻዋል። ገና ያልታወቀው «መኪና» ግን ገዢ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በሦስት ዓረፍተ ነገር መፈተን

ጓደኛችሁ የማታውቁትን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ፣ የትኛው ወገን እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ መፈተን ትችላላችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ «ሰውዬው መጣ»፣ «ሰውዬው ልጁን አየ»፣ «ልጁ ሰውዬውን አየ»። ከዚያ «ሰውዬው» የሚለውን ቃል ብቻ በሦስቱም ላይ ተከታተሉት። የመጣውና ያየው አንድ ዓይነት ሆነው የታየው ከተለየ፣ አኩዛቲቭ ነው። የመጣውና የታየው አንድ ዓይነት ሆነው ያየው ከተለየ፣ ኤርጋቲቭ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ቅደም ተከተሉንና ግሱን ተመልከቱ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው ከጅርባል የተማርነው ነው፦ ስሞቹን ብቻ ሳይሆን «እኔ»ንና «አንተ»ንም ጠይቁ። ሁለተኛውን ሂንዲ ታስተምረናለች። የህንድ ፊልም የለመደ ጆሮ «ኔ» የምትባለዋን ቃል ሳይሰማት አይቀርም። «ላርካ አያ» ልጁ መጣ፣ ምልክት የለም። «ላርኬ ኔ ሮቲ ካዪ» ልጁ ሮቲ በላ፤ እዚህ አድራጊው «ኔ» ተለጠፈበት፣ ግሱም በላተኛውን ትቶ ከሮቲ ጋር ተስማማ፤ «ካዪ» የአንስታይ ጾታ ነው፣ ሮቲ በሂንዲ ሴት ናትና። ግን «ልጁ ሮቲ ይበላል» በሉ፦ «ላርካ ሮቲ ካታ ሄ»። «ኔ» ጠፋች፣ ግሱም ወደ ልጁ ተመለሰ። ሂንዲ ኤርጋቲቭ የምትሆነው ድርጊቱ ተፈጽሞ ሲያልቅ ነው። የአሁን ጊዜን ብቻ የጠየቀ ሰው ተሳስቶ ይወጣል። ስለዚህ «ኤርጋቲቭ ቋንቋ» የሚባለው አባባል ራሱ ትንሽ ያጋነናል፤ ብዙዎቹ በአንድ ክፍላቸው ኤርጋቲቭ፣ በሌላው አኩዛቲቭ ናቸው።

የልጅ ልጆቹ ምን አደረጉ?

ወደ ጅርባል ልመለስ፤ ታሪኩ ዲክሰን መጽሐፍ ላይ አላበቃም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አኔት ሽሚት የምትባል ተመራማሪ ጃምቡን በተባለው የጅርባሎች መንደር ሄዳ፣ አዛውንቶቹን ሳይሆን ወጣቶቹን አጠናች። እነዚህ ወጣቶች ትምህርቱም ሥራውም ቴሌቪዥኑም በእንግሊዝኛ በሆነበት ዓለም ያደጉ ናቸው። ጥናቷ በ1985 በመጽሐፍ ወጣ።

ያገኘችው ነገር አሳዛኝም አስገራሚም ነው። ቋንቋው በአንድ ቀን አልተሰበረም፤ ደረጃ በደረጃ ነው የተፈታው። በአዛውንቶቹ ንግግር የአድራጊው ቅጥያ ብዙ መልክ አለው። እንደ «ያራ» ባለ በአናባቢ በሚያልቅ አጭር ቃል ላይ «ንጉ» ይሆናል፤ በ«ን» የሚያልቅ ቃል ላይ «ዱ»፣ በ«ም» የሚያልቅ ላይ «ቡ» ይሆናል። ከወጣቶቹ መካከል ቋንቋውን ደህና የሚችሉት አብዛኛውን ይዘዋል። ችሎታቸው ዝቅ ያለው መልኮቹን እያጣጠፉ፣ አንዱን መልክ ሁሉም ቦታ መለጠፍ ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ያሉት ቅጥያዋን ጨርሶ ተዉአት፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚለዩት እንደ እንግሊዝኛ በቅደም ተከተል ሆነ፦ አድራጊ መጀመሪያ፣ ከዚያ ግስ፣ ከዚያ ተቀባይ።

ቃላቱ ግን ጅርባል ናቸው። ይህ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። ያቡም አለች፣ ንጉማም አለ፣ ቡራንም ባናጋኙም አሉ። ከውጭ የሚሰማ ሰው «ወጣቶቹ ቋንቋቸውን ይናገራሉ» ይላል። ውስጡ ያለው የወንበር አደላደል ግን ተቀይሯል። ዓረፍተ ነገሮችን የማጣመሩ ሕግም በእነዚሁ ተናጋሪዎች ዘንድ አብሮ ላልቷል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያችው ምሳሌ አስቡት። አንዲት አያት «እናት አባትን አየችና ተመለሰ/ች» የሚለውን በራሷ ሰዋስው ትናገራለች፤ እሷ ያለችው አባት ተመለሰ ነው። የእንግሊዝኛውን ልማድ ይዞ ያደገ የልጅ ልጅ እያንዳንዱን ቃል ያውቃል፣ ሁሉንም ሰምቷል፣ ግን የገባው እናት ተመለሰች ነው። መዝገበ ቃላት ይህን አይታደገውም፤ ያልገባው ቃል የለምና። ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ይለያያሉ።

ቋንቋ እየጠፋ ነው ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚረሱ ቃላትን ነው፤ ስለዚህም ቃላት እንሰበስባለን፣ አፕ ላይ እንጭናለን። ጃምቡን ላይ የታየው ግን ቃላቱ ሳይጠፉ ማን ማንን እንዳየ የሚነግረው ሥርዓት ቀድሞ ሊሄድ እንደሚችል ነው። የአያቶቹን ቋንቋ መመዝገብ የሚፈልግ ወጣት ስልኩን ሲያወጣ የቃላት ዝርዝር ብቻ ባይጠይቅ ጥሩ ነው። ሁለት ሰዎች ያሉበት ታሪክ ያስወራ፣ ከዚያም ታሪኩ መሃል ላይ አቁሞ «ማን ነው የተመለሰው?» ብሎ ይጠይቅ።